የድመት ጆሮ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ኩክ ነው ወይስ ቅንቅን? እቤትስ እንዴት ይጸዳል?

የአይጠየፍ ሰፈሯ (ሰኞ፣ ማታ 2፡10)

እንደምን አመሻችሁ። ከደሴ ነው የምጽፈው። እቤት እናትና ልጅ ድመቶች አሉ። ልጅቷ 5 ወር ገደማ ይሆናታል፣ ሚዛን ላይ 2 ኪሎ ነች። ሁለቱም ጆሮዋ ውስጥ ጥቁር ቡናማ፣ ደረቅና ፍርፍር የሚል ነገር ሞልቷል። በኋላ እግሯ ቶሎ ቶሎ ታከዋለች፣ ጭንቅላቷን ታራግፋለች፣ ከጆሮዋ ጀርባ ፀጉሩ ሳስቷል። እናትየው ጆሮ ውስጥ ደግሞ ስስ ያለ ፈዛዛ ቡናማ ነገር ብቻ ነው ያለው፣ እሷ አታክም። ሁለቱ አንድ ነገር ነው? ሳልጎዳቸውስ እንዴት ላጽዳ?

ሙጋድ (ሰኞ፣ ማታ 2፡25)

አብሽሪ እህቴ። ጥቁር ከሆነ ቅንቅን ነው፣ አለቀ። የዓይን ቴትራሳይክሊን ቅባት ከፋርማሲ ግዢና ጠዋትና ማታ ለ5 ቀን ቀቢያት። ከዚያ በፊት ባለ ጥጥ የጆሮ ማጽጃ አስገብተሽ ውስጡን ጥርግ አድርጊው፣ ቆሻሻው ካልወጣ መድኃኒቱ አይደርስም። የእናትየው ተራ ኩክ ነው፣ ተያት።

ሐይቅ ዳር (ሰኞ፣ ማታ 2፡50)

በጆሮ ውስጥ ለሚገባ መዥገር በጎቹን የምንረጭበት ዲያዚኖን አለ። ጥቂቱን በባልዲ ውኃ በጥብጦ ጆሮውን ማራስ ነው፣ በማግስቱ ይረግፋል። እዚህ ተሁለደሬ ሁሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በጊቱ እርጉዝ ካልሆነች ችግር የለውም።

ቦርከና (ሰኞ፣ ማታ 3፡30)

ጋሼ ሐይቅ ዳር፣ ጥያቄው የድመት ነው፤ በግ አይደለም። ዲያዚኖን ለድመት መርዝ ነው። ድመት ሰውነቷን የምታጸዳው በምላሷ ስለሆነ ቆዳዋ ላይ የፈሰሰውን ሁሉ ትውጠዋለች፤ ምራቅ ማዝረብረብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ትንፋሽ ማጠር ይከተላል። ለውሻ ተብሎ የሚሸጠው ፐርሜትሪን ያለበት መርጫም እንደዚሁ ነው፤ ውሻው ይችለዋል፣ ድመት ግን ሰውነቷ ሊያፈርሰው አይችልም። እቤት ውስጥ የተረፈ የከብት ወይም የውሻ መድኃኒት ካለ ከድመቶቹ አርቁት።

ወደ ጥያቄው ልምጣ። ሙጋድ ግማሹን አግኝቶታል። ልጅቷ በጣም ቅንቅን ትመስላለች፤ ምክንያቱ ግን ቀለሙ ብቻ አይደለም። ጥቁር ቡናማ ሆኖ ቅንቅን ያልሆነ ጆሮ ብዙ አለ። እርሾ መሰል ፈንገስም ቡናማ ነው፤ ነገር ግን እርጥብና ቅባታም ይሆናል፣ የኮመጠጠ ሽታ አለው። ባክቴሪያ ከሆነ ወደ ቢጫና አረንጓዴ ያደላል፣ ይገማል፣ ሲነኩት ያማል። ተራ ኩክ ፈዛዛ ነው፣ ለስላሳና ጥቂት ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አያሳክክም። የቅንቅን ቆሻሻ የቡና አተላ ደርቆ የተፈረፈረ ያህል ነው፤ የረጋ ደም፣ የቆዳ ፍቅፋቂ፣ ኩክና የቅንቅኖቹ ፍሳሽ ተደባልቆ የሚሠራ ነው። ዕድሜዋ ትንሽ ነው፣ ሁለቱም ጆሮ ነው፣ ታካለች። ሦስቱ ሲገጥሙ ቅንቅን የመሆኑ ነገር ያመዝናል። ማረጋገጡ ግን ቀላል ስለሆነ ሳታረጋግጪ ምንም አታፍስሺ።

አንድ ጥቁር ፌስታል ዘርግተሽ ቆሻሻውን በጥጥ ከጆሮዋ መግቢያ ላይ ብቻ ትንሽ ውሰጂና ስስ አድርገሽ በትኚው። ፀሐይ ላይ ወይም አምፖል አጠገብ ጥቂት ደቂቃ አቆዪው፣ ሙቀት ያነቃቸዋል። ከዚያ በአጉሊ መነጽር፣ ካልተገኘም በስልክ ካሜራ አቅርበሽ ተመልከቺ። ቅንቅኑ ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ነጭ ነጥብ ነው፤ ካስተዋልሽው ቀስ ብሎ ይሄዳል። የማይንቀሳቀስ ነጭ ነገር ቆዳ ነው፣ አትቁጠሪው። የእናትየውንም እንዲሁ ለብቻ በሌላ ፌስታል እዪ።

ሐኪም ዘንድ ልትወስጃት ካሰብሽ ደግሞ ከዚያ በፊት 2 ወይም 3 ቀን ምንም አታጽጂ። ንጹሕ ጆሮ ይዞ የመጣ ሰው መመርመሪያውን ጥሎ እንደመጣ ቁጠሪው።

ጦሳ (ሰኞ፣ ማታ 3፡55)

ከፌስታሉ የተሻለም አለ። የባዮሎጂ ላቦራቶሪ ያለው ትምህርት ቤት አጠገባችሁ ካለ፣ ቆሻሻውን መስታወት ላይ በአንድ ጠብታ ዘይት አላቁጠው፣ ሽፋን ጣል አድርገው በዝቅተኛው ሌንስ ይዩት። በውኃ ሳይሆን በዘይት መሆኑ ልዩነት አለው፤ ቆሻሻውን ይለያየዋል፣ ቅንቅኑም ሳይሞት እግሩን ሲያወዛውዝ ይታያል። ስምንት እግር አለው፣ ገና የተፈለፈለው ግን ስድስት ነው። እንቁላሉ ትልቅ፣ ሞላላ፣ ነጭ ነው። እንቁላል ብቻ ካያችሁም በቂ ማስረጃ ነው።

ሙጋድ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡15)

ቦርከና፣ ግማሹን ማለትህ ደግሞ ምንድን ነው? ቴትራሳይክሊኑ እኮ ይሠራል፣ ስንት ድመት ድኗል።

ቦርከና (ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡40)

ሲሻላቸው መታየቱ እውነት ነው። ቅባቱ ውስጥ ያለው አንቲባዮቲክ ቅንቅን አይገድልም፤ ግን የቅባቱ ቅባትነት ራሱ ጥቂቱን አፍኖ ይገድላል፣ ቆሻሻውንም ያለሰልሳል፣ ስለዚህ ለጥቂት ቀን ማከኳ ይቀንሳል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። እንቁላሉ በ4 ቀን ገደማ ይፈለፈላል፣ ወደ ሙሉ ቅንቅን ለማደግ ደግሞ 3 ሳምንት አካባቢ ይፈጅበታል። በ5 ቀን ያቆመ ሰው እንቁላሎቹን ትቶ ነው ያቆመው። ከወር በኋላ ያው ጥቁር ነገር ሲመለስ «መድኃኒቱን ለመደው» ይባላል፤ አለመደውም፣ አልጨረስነውም እንጂ።

ዘንግ ላይ ያለውን ጥጥ በተመለከተ ግን አልስማማም፣ ይህ ለሁሉም ይሁን። የድመት የጆሮ ቱቦ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርድና ይታጠፋል። በዘንግ ስትገፊው ቆሻሻው ወደ እጥፋቱ ሄዶ ይጠቀጠቃል፤ ላዩ ንጹሕ መስሎ ይታያል፣ ውስጡ ግን ተደፍኗል። ግልገሏ ድንገት ጭንቅላቷን ብትነቀንቅ ደግሞ ታምቡሩ ላይ ነው የሚያርፈው። የጆሮው እጥፋት ላይ ከሚታየው ክፍል አልፎ ምንም ጠንካራ ነገር አይግባ።

የአይጠየፍ ሰፈሯ (ማክሰኞ፣ ማታ 1፡05)

ፀሐይ ላይ አድርጌ አየሁት። የልጅቷ ላይ ነጭ ነጥቦች ይሄዳሉ፣ አያጠራጥርም፣ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ወጥቶልኛል። የእናትየው ላይ ምንም የሚንቀሳቀስ የለም፣ ጥቂት ቢጫ ቡናማ ለስላሳ ነገር ብቻ ነው። እንግዲህ እናትየውን ልተዋት?

ቦርከና (ማክሰኞ፣ ማታ 1፡30)

አትተያት። ካንድ ጎድጓዳ ሳህን የሚበሉ፣ አንድ ቦታ የሚተኙ ናቸው፤ ቅንቅኑ በመነካካት ነው የሚተላለፈው፣ አድጋ የምታጠባው እናት ደግሞ ምንም ሳታክ ተሸክማው ልትኖር ትችላለች። አለማየትሽ አለመኖሩን አያረጋግጥም፣ አንድ ናሙና ብቻ ነው ያየሽው። ስለዚህ ማጽዳቱ ለልጅቷ፣ የቅንቅን መድኃኒቱ ግን ለሁለቱም በአንድ ቀን። የእናትየው ጆሮ ውስጥ ያለው ኩክ ራሱ ግን መጽዳት አያስፈልገውም። ፈዛዛና ጥቂት ኩክ ቱቦውን የሚጠብቅ ነው፣ ራሱ ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይወጣል። ያላሳከከ ጆሮ መጎርጎር በሽታ መጥራት ነው። ውሻ ካለ እሱም ይታከማል።

አሁን ማጽዳቱን በቀስታ ልበል።

መጀመሪያ ልጅቷን ተመልከቻት። ጭንቅላቷን ወደ አንድ ጎን አዘንብላ የምትሄድ ከሆነ፣ የምትንገዳገድ ወይም ዓይኗ ጎንና ጎን የሚርገበገብ ከሆነ፣ ጆሮው የሚገማ መግል ካለው፣ ሲነካ የምትጮኽ ከሆነ፣ ምንም አታፍስሺ፤ ታምቡሩ ተቀዶ ሊሆን ስለሚችል የሚፈሰው ሁሉ ወደ መካከለኛው ጆሮ ይገባል። እነዚህ ከሌሉ ቀጥዪ።

ከፋርማሲ የሚያስፈልገው ኖርማል ሳላይን ነው፣ ያው በደም ሥር የሚሰጠው 0.9 በመቶው። ሳላይን ቅባት አያሟሟም፣ ስለዚህ ደርቆ የተጣበቀው እንዲለሰልስ ከማጽዳቱ ቀደም ባለው ማታ 2 ወይም 3 ጠብታ ሊኩዊድ ፓራፊን ጨምሪባት። ሽታ የሌለው የምግብ ዘይትም በዚያ ቦታ ይሆናል። ሁለቱንም ሞቅ አድርጊያቸው፤ ጠርሙሱን ሞቅ ባለ ውኃ ውስጥ 5 ደቂቃ አስቀምጠሽ ክንድሽ ላይ ብታንጠባጥቢው ሙቀትም ቅዝቃዜም የማይሰማሽ መሆን አለበት። ቀዝቃዛ ፈሳሽ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ማዞር ያመጣል፣ ያን ጊዜ ነው ድመቷ ተነጥቃ የምትቧጭረው።

በፎጣ እስከ አንገቷ ጠቅልላት፣ አንድ ሰው ጭኑ ላይ ይያዛት። ጆሮዋን በቀስታ ወደ ላይና ወደ ኋላ ስትስቢው ቀዳዳው ይከፈታል። ጥጥ የጠጣውን ሳላይን ቀዳዳው ላይ ጨምቂው፣ ለ2 ኪሎ ድመት ግማሽ ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃል። ሲሪንጅ ከተጠቀምሽ መርፌው ይነቀል፣ ጫፉም ቀዳዳውን አይድፈን፤ ከደፈነው የምትገፊው ፈሳሽ መውጫ ስለሚያጣ ግፊቱ ታምቡሩ ላይ ነው የሚያርፈው። ከዚያ የጆሮውን ሥር፣ ጉንጯ አጠገብ ያለውን ጠንካራ ክፍል፣ በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት ከ20 እስከ 30 ሰኮንድ አሽጊው። ቸፍ ቸፍ የሚል ድምፅ ከሰማሽ ፈሳሹ በትክክል ገብቷል።

አሁን ልቀቂያትና ፊትሽን አዙሪ። እሷ ጭንቅላቷን ስታራግፍ ከታች ያለው ወደ ላይ ይመጣል፤ ከአንቺ ጥጥ ይበልጥ የሚያጸዳው የእሷ መራገፍ ነው። ከዚያ ጥጥ በጣትሽ ላይ ጠቅልለሽ ጣትሽ የሚደርስበትን ብቻ ጥረጊ። አንዴ ድገሚውና ተይው። ያልወጣው ቢኖርም ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ይወጣል፤ በአንድ ቀን ንጹሕ ላድርገው ያለ ሰው ነው ቆዳውን የሚልጠው። ጥጡ ላይ ቀይ ደም ካየሽ አቁሚ።

አልኮል፣ ኮምጣጤ፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አይግቡ፤ የተላጠ ቆዳን ያቃጥላሉ። ዴቶልና ሳቭሎንም እንዲሁ፣ ለድመት መርዝ ናቸው። ላምባ፣ የትምባሆ ውኃና የነጭ ሽንኩርት ጭማቂም ሲባል እሰማለሁ፤ ሦስቱም ድመት ይገድላሉ።

የወልድያዋ (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡20)

እኔም ስጽፍ ነበር፣ ጥያቄ ልጨምር። የኔ ድመት 3 ዓመቷ ነው፣ አንድ ጆሮዋ ብቻ ነው ጥቁር የሚለው፣ ጭንቅላቷንም ወደዚያው ታዘነብላለች። የላይኛው የጆሮ ቅጠል ደግሞ አብጧል፣ ለስላሳ ነው፣ ትራስ ይመስላል። በመርፌ ወግቼ ፈሳሹን ላውጣው?

ቦርከና (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡45)

አይሆንም እህቴ፣ አትውጊው። በማራገፍና በማከክ ብዛት በጆሮ ቅጠል ውስጥ ደም ሥር ተበጥሶ የተጠራቀመ ደም ነው የሚመስለኝ። ስትወጊው ባክቴሪያ ታስገቢበታለሽ፣ ደሙም ይሞላል እንጂ አይደርቅም። ያንቺ ጉዳይ ከላይ ካለው የተለየ ነው። አንድ ጆሮ ብቻ ሆኖ ድመቷ አዋቂ ከሆነች፣ ቅንቅን ከመባሉ በፊት ሌላ ነገር ይታሰባል፤ ሣር ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ ጆሮ ውስጥ የበቀለ ሥጋ ሊሆን ይችላል፣ መካከለኛ ጆሮ ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ጭንቅላት ማዘንበሉ ደግሞ ወደ ውስጥ መድረሱን ያሳያል። ምንም ሳታፈስሺ እንስሳት ክሊኒክ አሳዪያት። ይህን በጽሑፍ መፍታት አይቻልም።

ሐይቅ ዳር (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡00)

አልሐምዱሊላህ፣ በግ መስሎኝ ነው። ዲያዚኖኑን ትቻለሁ። ግን አይቨርሜክቲን መርፌው አለ፣ ለበግ የምናስወጋው፤ እሱስ ለድመት ይሆናል? ፋርማሲ ይሸጠዋል።

ቦርከና (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡25)

ጋሼ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። መድኃኒቱ ራሱ ቅንቅን ይገድላል፣ ሐኪሞችም ለድመት ይጠቀሙበታል። ገዳዩ መጠኑ ነው። የከብቱ ጠርሙስ 1 በመቶ ነው፤ ማለትም አንድ ሚሊ ሊትሩ 10 ሚሊ ግራም ይይዛል። ሐኪም ለዚህች 2 ኪሎ ግልገል ለአንድ ኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም ብሎ ቢያሰላላት የሚያስፈልጋት 0.04 ሚሊ ሊትር ነው። በበግ ልማድ አንድ ሚሊ የሰጣት ሰው 25 እጥፍ ሰጣት። ግልገሎች ደግሞ ከትልልቆቹ ይበልጥ ይጎዳሉ፤ ይንቀጠቀጣሉ፣ ዓይናቸው ይጠፋል፣ ራሳቸውን ይስታሉ። ይህን መጠን በልክ የሚስብ ሰው በሙያው የሠራ መሆን አለበት፣ ስለዚህ ክሊኒክ ይሁን። ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይደገማል። ለድመት ተብለው የተሠሩ፣ ጀርባ ላይ በአንገት ሥር የሚንጠባጠቡ ሴላሜክቲን ያለባቸው ምርቶች ከተገኙ ከዚያ የተሻለ የለም፤ ጆሮው እንኳ ሳይጸዳ ይሠራሉ፣ በኛ አካባቢ ግን አቅርቦታቸው አስተማማኝ አይደለም።

ሙጋድ (ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡10)

እሺ፣ ዘይቱን ብቻ ለ4 ሳምንት ብትቀጥል አይበቃም ወይ? ክሊኒክ ወስዶ ማስወጋት ለሁሉም ሰው አይሆንም። ዘይት አፍኖ ይገድላቸዋል ካልክ፣ 3 ሳምንቱን የሚሸፍን ከሆነ እንቁላሉም ይፈለፈልና ይታፈናል።

ቦርከና (ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡35)

ሒሳቡ ትክክል ነው፣ ሠርቶላቸው ያየኋቸው ድመቶችም አሉ። ሊኩዊድ ፓራፊን 3 ወይም 4 ጠብታ በየጆሮው፣ በ2 ቀን አንዴ፣ 4 ሳምንት ሳይቋረጥ፣ ለሁሉም ድመት። የሚያመልጠው ግን አንድ ነገር አለ። ቅንቅኑ ጆሮ ውስጥ ብቻ አይቆይም፤ አንገት ላይ፣ ጭንቅላት ላይ፣ ስትጠቀለል ጆሮዋ የሚነካው ጅራት ሥር ላይም ይገኛል። ዘይቱ እዚያ አይደርስም፣ ከዚያ ተመልሶ ጆሮ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሌላ መንገድ የሌለው ሰው ቢሞክረው አልቃወምም፣ መጀመሪያ የምመክረው ግን አይደለም።

ጦሳ (ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡05)

እኔ ከሙጋድ ጋር ነኝ፣ ለድሀ ቤት ዘይቱ ይሻላል። መለኪያ ግን ይኑረው። በ3ኛው ሳምንት መጨረሻና በ5ኛው ሳምንት ከሁለቱም ጆሮ ናሙና ይታይ። ንጹሕ መስሎ የታየ ጆሮ ውስጥ እንቁላል አይታይም፣ በዓይን ብቻ ተመልክቶ «ዳነች» ማለት አይሆንም።

የአይጠየፍ ሰፈሯ (ረቡዕ፣ ማታ 1፡50)

ትናንት ማታ ፓራፊኑን አድርጌ ዛሬ እንደተባለው አጸዳሁ። ግራው ቸፍ ቸፍ አለ፣ ቀኙ ግን ምንም ድምፅ የለውም። ከግራው ብዙ ወጣ። ሁለቱንም ዓርብ ክሊኒክ እወስዳቸዋለሁ። የቀኙን ልድገመው?

ቦርከና (ረቡዕ፣ ማታ 2፡15)

ቀኙ የተደፈነ ሊሆን ይችላል። በግድ አታፍስሺበት። ዛሬ ማታ 2 ጠብታ ፓራፊን ጨምረሽ ሥሩን አሽጊና ተይው፣ እስከ ዓርብ ሌላ ነገር አትንኪ። ስትሄጂ ቪዲዮውን አሳያቸው፣ ቀኙ ድምፅ እንዳልነበረውም ንገሪያቸው፤ ታምቡሩን በመብራት ሳያዩ መድኃኒት ጆሮ ውስጥ እንዳይጨምሩ። የሚተኙበትን ጨርቅም ዛሬውኑ በፈላ ውኃ እጠቢው። ልጆች ክንዳቸው ላይ ቀይ ነጥብ ወጥቶባቸው ካከካቸው አትደንግጪ፤ ቅንቅኑ ሰው ላይ አይራባም፣ ድመቶቹ ሲድኑ ይቆማል።

ሙጋድ (ረቡዕ፣ ማታ 2፡40)

ዓርብ ምን እንዳሉ ንገሪን። ክሊኒክ ካልሄድሽ ዘይቱን ቀጥዪ።